ከስፌት መኪናው ሥር

ማታ የድሮ ደብተሬን አውጥቼ ስለ ልጅነቴ የጻፍኳትን አንዲት አንቀጽ አነበብኩ። እንዲህ ትላለች፦

«እናቴ ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ሌት ተቀን ትደክም ነበር። ኑሯችን ከባድ ቢሆንም ቤታችን በፍቅር የተሞላ ነበር።»

ውሸት የለበትም። ግን እናቴ የለችበትም። የማንም እናት ልትሆን ትችላለች።

ደጋግሜ ሳነበው ያስቸገረኝ «ነበር» የምትለዋ ቃል ናት። ትሰፋ ነበር፣ ትደክም ነበር ባልኩ ቁጥር ብዙ ሌሊት አንድ ላይ ይጨፈለቃል። አንዱም ሌሊት አይታይም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ ልምረጥ ብዬ ቁጭ አልኩ። መርፌ ጣቷን የወጋት ሌሊት መጣልኝ።

«ምን ሆነ?» ብዬ ስጀምር ያው ማጠቃለያው ተመልሶ መጣ። «የት ነበርኩ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ነገሩ ተቀየረ። ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ከዚያ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ፣ የማይታይም አለ። ይሄ ብቻ ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። ጻፍኩ፦

«ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቻለሁ። እናቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃለች። ተረከዟ ሲወርድ ጣቶቿ ይነሳሉ፤ ጣቶቿ ሲወርዱ ተረከዟ ይነሳል። የመርገጫው ብረት ዘይት ዘይት ይሸታል። ጉንጬን ወለሉ ላይ ሳደርግ ድምፁ በጥርሴ በኩል ይገባል። ዓይኔ ሊከደን ነው። ድምፁ ቆመ። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ጣቶቿ ተኮማትረዋል።»

እዚህ ላይ እጄ ዝም ብሎ ቀጠለ። ደም ጻፍኩ። መሬት ላይ ጠብ ሲል፣ ክብ ሆኖ ሲቀር። ውጭ ዝናብ እየዘነበ እንደሆነም ጨመርኩ። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ጠረጠርኩት። ዝናቡን ከየት አመጣሁት? ቦታው ላይ ስለሚያምር ነው እንጂ እኔ የሰማሁት መኪናውን ብቻ ነው። ሰረዝኩት።

ለደሙ እህቴጋ ደወልኩ።

«ደሙን በምን እንደጠረገችው ታስታውሳለህ? በሰማያዊው ጨርቅ እኮ ነው!» አለችኝ።

አላስታውስም። እሷ ቆማ ነበር፣ እኔ ተኝቼ። ደሙ የእሷ ትዝታ ነው። ለዓመታት ስትነግረኝ የራሴ አስመስዬ ይዤው ኖርኩ። አሁን «እህቴ በሰማያዊ ጨርቅ ጠረገችው ትላለች» ብዬ ጻፍኩት፣ በእሷ ስም።

የእናቴን ፊትም ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ግንባሯ ተቋጥሮ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ግን እሱ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶዋ ነው። ከጠረጴዛ ሥር ፊት አይታይም። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ፊት የላትም፤ እግር ብቻ ናት። መብራቱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የማን ልብስ እንደሚሰፋም የለም። አንዲት ተረከዝ ላይ አራት መስመር ጽፌ ስለ ክፍሉ አንድም ቃል አለመኖሩ መጀመሪያ ጉድለት መሰለኝ። ግን የያዝኩት ይሄንኑ ነው፤ የቀረውን ብሞላው የፈጠርኩት ተረከዙን ያበላሽብኛል።

የቤት ኪራዩ መድረሱንም ሰረዝኩ። እሱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ልጅ ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም።

ከሁሉ የከበደችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ድምፁ ሲቆም ምን ተሰማኝ? «ደነገጥኩ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጥሩ ልጅ የሚሰማው እሱ ነው። ግን እውነቱ እሱ አይደለም። ተናደድኩ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ድምፁ ስለተቋረጠ ተናደድኩባት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «ደነገጥኩ»ን አጥፍቼ «ተናደድኩ» ብዬ ስጽፍ ፊቴ ጋለ። ከዚያ በኋላ ግን የረሳሁት መጨረሻው ራሱ መጣ፦

«ድምፁ እንደገና ጀመረ። እንደ ቅድሙ አይደለም። ሁለት ረገጥ፣ ቆም። ሁለት ረገጥ፣ ቆም። ከላይ ‹ተኝተሃል የኔ ልጅ?› አለችኝ። አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ዝም አልኩ።»