ሰርቬይ በሰዓት ስንት ይከፍላል? ከደሴ የተያዘ ሒሳብ

«ሰርቬይ እየሞላህ በቀን ይህን ያህል ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ያልደረሰው የደሴ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራሙን ሞልቶታል። እኔም ከሥራ መልስ ማታ ማታ እሠራዋለሁ። ሰርቬይ እሞላለሁ፣ ምስል እለያለሁ፣ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ጎን ለጎን ደብተር ይዣለሁ። የምመዘግበው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ስንት ሳንቲም ተመዘገበልኝ፣ ስንቱስ እጄ ገባ።

አንዱን ማታ ላሳያችሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ሸዋ በር፣ ቤቴ። የመጀመሪያው ሰርቬይ «15 ደቂቃ፣ 60 ሳንቲም» ይላል። ይህ በሰዓት 2 ዶላር ከ40 መሆኑ ነው፤ ምን ይከፋል? ዕድሜዬን፣ ትምህርቴን፣ ቤት ውስጥ ስንት እንደሆንን ጠየቀኝ። 11ኛው ደቂቃ ላይ በቅርቡ አዲስ መኪና ገዝቼ እንደሆነ ጠየቀ። አልገዛሁም። «ይቅርታ፣ ለዚህ ጥናት ብቁ አይደሉም» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛው ከ6 ደቂቃ በኋላ ኮታው ሞልቷል አለኝ። ሦስተኛው 20 ደቂቃ ብሎ 31 ፈጀና 70 ሳንቲም ከፈለ። ከዚያ ሌላ እስኪመጣ ገጹን ሳድስ 20 ደቂቃ ሄደ። አራተኛው በ24 ደቂቃ 40 ሳንቲም ሰጠ። አምስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም! ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። 28 ደቂቃ በከንቱ።

ሁለት ሰዓት፣ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም። በሰዓት 55 ሳንቲም ማለት ነው። ገንዘቡን ለማውጣት ደግሞ 10 ዶላር መሙላት አለበት፤ ለዚህ 18 ሰዓት ግድም መቀመጥ ያስፈልጋል። ሲወጣም 1 ዶላር ይቆረጣል። እጅ የሚገባው በሰዓት 50 ሳንቲም አካባቢ ነው፣ የኢንተርኔቱ ሳይታሰብ።

ጊዜውን የሚበላው መሙላቱ ሳይሆን መባረሩ ነው። ሰርቬይ የሚያሠራው ድርጅት የሚፈልገው የተወሰነ ዓይነት ሰው ነው፤ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል መኪና ያለው እያለ ኮታ ያወጣል። ማጣሪያ ጥያቄዎቹ መምጣት ያለባቸው መጀመሪያ ላይ ነው። በደንብ የተሠራ ሰርቬይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለይልሃል። ስለዚህ አሁን ሰዓት ይዤ እጀምራለሁ። 4 ደቂቃ አልፎ ገና ማንነቴን የሚጠይቅ ከሆነ ዘግቼው እወጣለሁ። መሀል ላይ ደግሞ «እዚህ ጋ በጣም አልስማማም የሚለውን ይምረጡ» የሚል ወጥመድ ይገባል። ሳያነብ የሚጫን እዚያ ይያዛል፤ የሞላው ሁሉ ይሰረዛል።

«ቪፒኤን አብርተህ አሜሪካ ነኝ በል» የሚል ምክርም አለ። የአክስቴ ልጅ ሞክሮታል። ሰርቬዩ በእርግጥ ጎረፈለት። ሊያወጣ ሲል ግን መታወቂያ ጠየቁት፤ ከኮምቦልቻ የወጣ መታወቂያ ይዞ አሜሪካ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? አካውንቱ ከነገንዘቡ ተዘጋ። «ወንድምዓለም፣ ሌባ አደረጉኝ እኮ» አለኝ፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የተሻለ የከፈለኝ አማርኛዬ ነው። የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚያስገለብጡ ሥራዎች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። እኔ ያገኘሁት ለአንድ ደቂቃ ድምፅ 25 ሳንቲም ይከፍላል። የ10 ደቂቃ ድምፅ 2 ዶላር ከ50 ነው። እዚህም ተጠንቀቁ፤ የሚቆጠረው የድምፁ ደቂቃ እንጂ የእናንተ አይደለም። እኔ የ10 ደቂቃውን ድምፅ ለመገልበጥ 60 ደቂቃ፣ ለእርማት ደግሞ 15 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በሰዓት 2 ዶላር ይመጣል፤ የሰርቬዩ አራት እጥፍ። ሁለት ሰው እየተሻማ የሚያወራበት ወይም የገበያ ጫጫታ ያለበት ድምፅ ከሆነ ግን ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን ከመቀበሌ በፊት መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። መመሪያውንም ሁለቴ አነባለሁ። ቁጥር በፊደል ይጻፍ ወይስ በአኃዝ? ተናጋሪው «እ...» ሲል ይጻፍ ወይስ ይዘለል? ሥራ ውድቅ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ውድቅ የተደረገ ሥራ አይከፈልም፤ ሲደጋገም ደግሞ ጥሩ ሥራ መታየቱን ያቆማል።

አዲስ ሳይት ስሰማ መጀመሪያ የምከፍተው የክፍያ ገጹን ነው። ወደ ኢትዮጵያ በምን ይልካል? ለማውጣት ትንሹ ስንት መሙላት አለበት? ሲወጣ ስንት ይቆርጣል? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ አልመዘገብም። ቀድመህ ክፈል የሚለኝን ደግሞ ወዲያው እዘጋዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ላይክ እያስደረጉ መጀመሪያ ጥቂት ብር በቴሌብር የሚልኩ አሉ። ቀጥሎ «ትልቁ ሥራ እንዲከፈትልህ ይህን ያህል አስይዝ» ይመጣል። ያስያዘ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ሲሞክር ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል፤ የከፈለም አያወጣም።

አሁን ሰርቬይ የምሞላው ሰዓት መድቤ ሳይሆን ወረፋ ስጠብቅ ነው፣ ያውም ከ10 ደቂቃ ለማይበልጥ። ማታውን ለግልበጣ ትቼዋለሁ። ግልበጣ የሌለ ሳምንት ደብተሩም ባዶ ነው።