አንበሳ የተሳፈረው ብለር

ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤት አካባቢ የቀረጽነውን ቪዲዮ ልንለቅ ስንል የሰፈራችን ጋሼ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን በካሜራችሁ ፊት ሳላልፍ አልቀረሁም። በዚያ ሰዓት ግን ቢሾፍቱ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው አይመረመርም። ታርጋ ሳንሸፍን እኛም ስለማንለቅ፣ ባልደረባዬ የቪትዛቸው ታርጋ ላይ የሚያደበዝዝ የብለር ሳጥን ሠራ፣ ሳጥኑ ታርጋውን እንዲከተል ትራክ የሚለውን ተጫነና ማኪያቶውን ሊጠጣ ወረደ።

ሶፍትዌሩ ታርጋ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ነገር የለም። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የቀለም አሰላለፍ ይይዝና በሚቀጥለው ፍሬም እዚያው አካባቢ እሱን የሚመስል ነገር ይፈልጋል። ቪትዟ ቁልቁል ስትመጣ እንደ መዥገር ተጣብቆባት ነበር። መሃል ላይ ሽቅብ የሚወጣ አንበሳ አውቶብስ ገባ። ታርጋው ሲሰወርበት አጠገቡ ያገኘውን፣ የአውቶብሱን የጎን ቁጥር ያዘ። ብለሩ አንበሳ ተሳፍሮ ወደ ፒያሳ ወጣ፤ የጋሼ ታርጋ ራቁቱን ወደ ለገሃር ወረደ።

ጋሼ ቢሮ ድረስ መጥተው አዩትና «ይቺ ጭጋግ የት ትሄዳለች? እኔ እዚህ ነኝ እኮ!» አሉ።

ባልደረባዬ ተመልሶ ትራኩን አውቶብሱ ታርጋውን ሊነካ ሲል ቆረጠው። ሁለተኛውን ክፍል ከመጨረሻው ጀመረ፤ እዚያ ላይ መኪናዋ ቅርብ ስለሆነች ታርጋው ትልቅና ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አውቶብሱ ጋ እስኪደርስ ወደ ኋላ ትራክ አደረገው። ቀጥሎ በቀስት ቁልፉ ፍሬም በፍሬም ማየት መጣ። በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የቀረጽነው፤ ስምንት ሰከንድ ማለት 200 ጊዜ መጫን ነው። ደግነቱ አየን፦ ታርጋው ከአውቶብሱ ኋላ ግማሹ ብቅ ባለባቸው ሁለት ፍሬሞች ላይ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ፍንትው ብለው ይታያሉ። ቪዲዮው ሲጫወት ዓይን አይይዛቸውም፣ ፖዝ ለሚያደርግ ሰው ግን አንዷም ትበቃለች። ሳጥኑን በእጅ ጎተተና ሸፈናቸው።

ብለሩም ስስ ነበር። የታርጋ አኃዝ ቅርጹ የታወቀ ስለሆነ፣ ደብዝዞም 1 ቀጭን፣ 8 ወፍራም ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ በጥቁር ደፈነው።

«ፊቴስ?» አሉ ጋሼ። ፊታቸውን የመስታወቱ ነጸብራቅ በነጻ ሸፍኖላቸዋል።

ለቀቅነው። ማታ ላይ ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቪዲዮው ሲያምር! ግን ያቺን ስፖኪዮዋ በቢጫ ፕላስተር የታሰረ ቪትዝ ታርጋዋን ብቻ ምነው አጠቆራችሁባት?»