ግልባጩ ላይ ፖሊስ የጻፍኩበት ደብዳቤ

በኢንሹራንስ ቅርንጫፋችን የካሳ ክፍል ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጅማ ላይ ቡና ከየወረዳው የሚገባበት፣ መጋዘን ሁሉ የሚጨናነቅበት ጊዜ። የአንድ ቡና አቅራቢ ሐጂ መጋዘን ሌሊት ተቃጠለ። የፖሊስ ማስረጃው መንስኤው የመብራት ኮንታክት ነው ይላል። ሐጂ በማግስቱ መጥተው አመለከቱ። ፎርም ተሞላላቸው፣ ፈረሙ። ፎርሙ ላይ የተቃጠለው «400 ፈረሱላ የተፈለፈለ ቡና» ተብሏል።

አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 400 ፈረሱላ እንግዲህ 68 ኩንታል ይሆናል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ፋይሉን ሳገላብጥ ሁለት ነገር ቆረቆረኝ። አንደኛው፣ ሐጂ ከቃጠሎው ሦስት ሳምንት በፊት የመድን መጠናቸውን አስጨምረዋል። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የግዢ ደረሰኞቻቸው ሲደመሩ 520 ፈረሱላ ይመጣሉ፤ ግን ሁሉም የጀንፈል ነው። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው። ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 520ው በሙሉ ቢፈለፈል እንኳ ከ260 ፈረሱላ ብዙም አያልፍም። 400 ከየት መጣ?

«ያዝኳቸው» አልኩ በልቤ። ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ስለ አጠራጣሪ የካሳ ጥያቄ። ያመለከቱት መጠን ከደረሰኝዎ ጋር የማይታረቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ በሰባት ቀን ውስጥ አሳማኝ ማስረጃ ካላቀረቡ ጥያቄዎ ውድቅ የሚደረግ መሆኑን እናሳውቃለን። የመድን መጠንዎን ቃጠሎው ሊደርስ ሲል ለምን እንዳስጨመሩም በጽሑፍ ይግለጹ። ከታች ግልባጭ፦ ለሕግ ክፍል፣ ለከተማው ፖሊስ። ስጨርስ ኮራሁ፣ አልዋሽም።

አለቃችን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መጀመሪያ ያዩት ግልባጩን ነው።

«ፖሊስን እዚህ ማን ጠራው?»

«ማወቅ አለባቸው ብዬ ነው።»

«ምኑን? እኛ ራሳችን ያላወቅነውን? ሐጂ አማርኛ ማንበብ ይከብዳቸዋል። ይህን የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው፣ ወይ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው። ግልባጩ ጋ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ሐጂ መጋዘናቸውን አቃጠሉ ይላል። በኋላ ብንከፍላቸውም ያ ወሬ አይመለስም።»

ከዚያ እስክሪብቶ አነሱና «ሊደርስ ሲል» ያልኩትን አሰመሩበት። «ይህን ለምን ትጠይቂያቸዋለሽ? መልሱ እኛ ጋ ነው።» ፋይሉን ገልጠው የሐጂን የጭማሪ ማመልከቻ አሳዩኝ። የመኸር ቡና እየገባ ስለሆነ ይላል። ያን ሰሞን ከእኛ ጋር መድን የገባ ቡና ነጋዴ ሁሉ ያስጨምራል። የጭማሪውን የመድን ክፍያ የተቀበልነውም እኛው ነን። እኔ ያንን ገጽ ዘልዬው ነበር።

«አሁን ንገሪኝ» አሉኝ፣ «አንቺ የማታውቂው ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰብኩ። «መጋዘኑ ውስጥ ከነበረው ስንቱ ጀንፈል፣ ስንቱ የተፈለፈለ እንደነበረ።»

«በቃ፣ እሱን ጠይቂ።»

ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ርዕሱ «ተጨማሪ መረጃ ስለመጠየቅ» ሆነ። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የጉዳት ማሳወቂያዎ፣ የፖሊስ ማስረጃውና የግዢ ደረሰኞችዎ ደርሰውናል። በማሳወቂያው ላይ የተቃጠለው የተፈለፈለ ቡና መሆኑ ተገልጿል። የደረሱን ደረሰኞች ደግሞ የጀንፈል ናቸው። ካሳው የሚሰላው ንብረቱ በተቃጠለበት ቀን በነበረው ዋጋ ስለሆነና የሁለቱ ዋጋ ስለሚለያይ፣ በዕለቱ በመጋዘኑ የነበረውን ቡና በዓይነትና በመጠን ለይተው እንዲገልጹልን እንጠይቃለን።»

ጋሼ ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልዩነቱን አልደበቅንም፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ግን «አይታረቅም» የሚል ፍርድ የለበትም። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል። ሰው ለምን እንደተጠየቀ ካላወቀ ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላው ደግሞ ሁልጊዜ ክፉውን ነው።

ቀጥሎ የመጋዘን ገቢና ወጪ መዝገብ፣ እንዲሁም ቡና አስፈልፍለው ከሆነ የመፈልፈያ ቤቱን ደረሰኝ ጠየቅን። እዚህ ላይ ጋሼ አንድ መስመር አስጨመሩኝ፦ «መዝገቡ ከንብረቱ ጋር ተቃጥሎ ከሆነ የመፈልፈያ ቤቱ ቅጂ ወይም የጽሑፍ ማረጋገጫ በቂ ነው።» እውነት ነው፤ መጋዘኑ የተቃጠለበትን ሰው መጋዘን ውስጥ የነበረ ደብተር ብቻ አምጣ ማለት እንቢ እንዲል መጋበዝ ነው።

መጨረሻው ላይ «ካሳዎን በአፋጣኝ ለመክፈል እንዲረዳን» ብዬ ነበር። ለማለሳለስ ብዬ። ጋሼ ሰረዙት። ሳናጣራ እንከፍላለን ካልን በኋላ ላይ ፍርድ ቤት ውስጥ የራሳችን ወረቀት ይመሰክርብናል። በምትኩ «ይህ ደብዳቤ የካሳ ጥያቄዎን መቀበልም ሆነ አለመቀበል አይደለም፤ የመድን ውሉ ድንጋጌዎችም እንደተጠበቁ ናቸው» የሚል ገባ። ደረቅ ነው፣ ግን ለሁለታችንም እኩል ነው። ሰባቱ ቀን ወደ አሥራ አምስት ተራዘመ፣ ካነሰዎት ይንገሩን ተባለ፣ የእኔ ስልክ ተጻፈ። ግልባጭ የለም። ፖስታው ታሸገ፤ ልጃቸው በአፋን ኦሮሞም ጭምር ተብራርቶለት ፈርሞ ወሰደው።

በአምስተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው መጡ። የመፈልፈያ ቤቱን ደረሰኝ ይዘዋል። 240 ፈረሱላ ጀንፈል ገብቶ 120 ፈረሱላ ንጹሕ ወጥቷል። ከ520 ላይ 240 ሲቀነስ 280 ጀንፈል ይቀራል። 280 እና 120፣ 400።

ቁጥሩ ልክ ነበር። ስህተቱ ዓይነቱ ላይ ነው።

«ሐጂ፣ ፎርሙ ላይ ግን ሁሉም የተፈለፈለ ይላል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ አራት መቶ ፈረሱላ ቡና ነው ያልኩት። የጻፈችው እዚያ ያለችው ልጅ ናት» አሉኝ ወደ መስኮቱ እየጠቆሙ። ፎርማችን ላይ «የዕቃው ዓይነት» የሚል አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው ያለው። ልጅቷም ያንን በለመደችው ሞላችው፣ ሐጂም ፈረሙ። ፊቴ ጋለ። ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በራሳችን መስኮት የተሠራ ስህተት ሰውዬውን ፖሊስ ጋ ያስኬዳቸው ነበር።

ጉዳት ገማቹ ከፍርስራሹ ያገኘው የጀንፈልና የንጹሕ ቡና ቅሪትም ከዚሁ ጋር ገጠመ። ካሳው በሁለት ዋጋ ተሰልቶ ተከፈለ። ፎርሙ ላይ ከነበረው በደንብ ያንሳል። ሐጂ ስሌቱን አንድ በአንድ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ፣ ሰሙኝ፣ ፈረሙ።

ጋሼን ልጠይቃቸው የፈለግኩት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። «የመፈልፈያ ቤቱ ደረሰኝ ሐሰት ቢሆንስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ያኔ መፈልፈያ ቤቱ ድረስ ሄደሽ መዝገባቸውን ታያለሽ። ያ በደብዳቤ አይጠየቅም» አሉኝ። በነገራችን ላይ ሄጄ ነበር። መዝገቡ ልክ ነው።

ፎርሙ ዛሬ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ለጀንፈል፣ አንዱ ለተፈለፈለ።