የአንድ ብሎኬት ማሽን ዋጋ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ

ሻጩ ለብሎኬት ማምረቻው ማሽን የጻፈው ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 1,800,000 ብር ነበር። ታክሱ 270,000 ብር ነው፤ ድርጅቱ ለታክሱ የተመዘገበ ስለሆነና ከሽያጭ ታክሱ ላይ ስለሚያቀናንሰው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አልደመርኩትም። ማጓጓዣ 60,000፣ ማሽኑ የሚቆምበት የኮንክሪት መሠረት 90,000፣ ተከላና ሙከራ 50,000 ብር ወጥቶበታል። እነዚህ ሳይከፈሉ ማሽኑ ሥራ መጀመር ስለማይችል የዋጋው አካል ናቸው፤ ድምሩ 2,000,000 ብር ሆነ። ለኦፕሬተሮች ሥልጠና የተከፈለውን 40,000 ብር ግን በዚያው ወር ወጪ አድርጌ ያዝኩት። ሥልጠናን ከተከላ ጋር ደርቦ መያዝ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ደረሰኝ ሲመጡ ሻጩ ለይቶ እንዲጽፍ መጠየቅ ይሻላል።

ሞልዱ ለብቻው በ240,000 ብር የተገዛ ሲሆን አሸዋና ጠጠሩ በሁለት ዓመት ይበላዋል። ስለዚህ በቋሚ ንብረት መዝገቡ ላይ የራሱ መስመር አለው፤ በወር 10,000 ብር በእርጅና ይቀነስለታል። ከማሽኑ ጋር ቢጠቃለል ኖሮ ከተጣለ በኋላም ዋጋው ለስድስት ዓመት መዝገብ ላይ ይቀር ነበር።

የአገልግሎት ዘመኑን ስገምት የጠየቅኩት መካኒኩን ነው። በቀን በአንድ ፈረቃ፣ መለዋወጫ እስከተገኘ ድረስ 8 ዓመት ያገለግላል አለን። በዚያን ጊዜ ማሽኑ ምን ያህል ሊሸጥ ይችላል ለሚለው ደግሞ ያገለገሉ ተመሳሳይ ማሽኖችን ዋጋ አይቼ፣ ማሽኑን ነቅሎ የማንሻ ወጪውን ቀንሼ 200,000 ብር ያዝኩ። የሚከፋፈለው እንግዲህ 1,800,000 ብር ነው፤ በ96 ወር ሲካፈል በወር 18,750 ይመጣል። በኤክሴል፦

```
=SLN(2000000,200000,96)
```

ክፍያው የተጠናቀቀው በነሐሴ ነው፤ ተከላውና ሙከራው ግን በመስከረም መጨረሻ አለቀ። ቅናሹ የሚጀምረው ማሽኑ ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ስለሆነ ከጥቅምት 1 አስጀመርኩት፤ እስከ ሰኔ 30 ባለው 9 ወር 168,750 ብር ሆነ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ነው የምይዛት፤ የራሷን ድርሻ ከሰጠናት በዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ እንቀንሳለን።

በየወሩ «የእርጅና ወጪ» ዴቢት፣ «የተጠራቀመ እርጅና» ክሬዲት ይደረጋል። የማሽኑ 2,000,000 ብር ራሱ አይነካም። ወጪው የፋብሪካ ስለሆነ ወደ ምርት ወጪ ይገባል፤ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ያልተሸጡት ብሎኬቶችም ድርሻቸውን ይዘው ይቆያሉ። በአስተዳደር ወጪ ከተመዘገበ የአንዱ ብሎኬት ወጪ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፣ የመሸጫ ዋጋውም በተሳሳተ ቁጥር ይወሰናል። ሲሚንቶ ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም ቅናሹን እናቁም የሚሉ አሉ። በየወሩ እኩል በሚቀነስበት በዚህ ቀጥተኛ ዘዴ አይቆምም፤ ማሽኑ ቆሞም ያረጃል።

ከሁሉም የሚረሳው ግምቱን በየዓመቱ መጨረሻ መከለስ ነው። በሦስተኛው የበጀት ዓመት መዝጊያ 33 ወር ተቀንሶ የተጠራቀመው እርጅና 618,750፣ የመዝገብ ዋጋው 1,381,250 ብር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሥራው ወደ ሁለት ፈረቃ ገብቷል፤ የጥገና ደረሰኞቹ በዝተዋል፣ የንዝረት ሞተሩም ተቀይሯል። መካኒኩ ከዚህ በኋላ ከሦስት ዓመት ተኩል አያልፍም አለ። የመሸጫ ግምቱ እንዳለ ስለቀጠለ የሚቀረውን 1,181,250 ብር በ42 ወር አካፈልኩት፤ የወሩ ቅናሽ 28,125 ብር ሆነ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ሒሳብ አይነካም፤ ያኔ በነበረው መረጃ ግምቱ ትክክል ነበርና። ለውጡ ግን በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ላይ ይጻፋል። መካኒኩ የሰጠውን አስተያየት በፊርማው ፋይል ማድረግ ይጠቅማል፤ ኦዲተሩ «42 ወር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለግብር የሚቀርበው ስሌት ሌላ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 ሠንጠረዥ እንዲህ ያለ ማሽን «ሌሎች» ከሚባሉት ንብረቶች ጋር ተመድቦ በቀጥተኛው ዘዴ 15 በመቶ ተቀምጦለታል። ይህም በ2,000,000 ላይ በሙሉ ዓመት 300,000 ብር ነው፤ የመሸጫ ግምቱ አይቀነስም። በመጽሐፋችን በመጀመሪያው ግምት ሙሉ ዓመት የሚያዘው 225,000 ብር ስለሆነ የ75,000 ብር ልዩነት አለ። እኔ ሁለቱን በአንድ የኤክሴል ፋይል፣ በሁለት ገጽ ነው የምይዛቸው፤ የመጽሐፉን ቁጥር ለግብሩ ብሎ መቀየር ግን አይገባም፤ መካኒኩ የገመተው ዕድሜና ሠንጠረዡ የሚሰጠው ዕድሜ የሚገናኙት በአጋጣሚ ብቻ ነው።