ደመወዝ ያለው የእግድ ደብዳቤ እንዴት ጻፍኩ

የምሠራው የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን የቆጠራ ኮሚቴው ሪፖርት ደረሰኝ። የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ መሠረት መጋዘኑ ውስጥ ባለ 12 ፌሮ 640 ቤርጋ መኖር ነበረበት። ተቆጥሮ የተገኘው 554 ነው። 86 ቤርጋ የለም። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አይተው "ዛሬውኑ የእግድ ደብዳቤ ይድረሰው" አሉ።

የንብረት ክፍል ሠራተኛው ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማገዱ አስፈላጊ ስለመሆኑ ግን አልተከራከርኩም። የመጋዘኑ ቁልፍም የሚመረመረው ሰነድም በእሳቸው እጅ ነው። ለእግድ በቂ ምክንያት የምለው ይህንን ነው። ሰውየው ሥራው ላይ ቢቆይ ማጣራቱ የማይበላሽ ከሆነ፣ ወይም ለጊዜው ሌላ ክፍል መመደብ ከተቻለ፣ እግድ አያስፈልግም።

ፋይል ውስጥ የቆየ ቅጽ ነበር። "ጉድለት የፈጸሙ መሆኑ ስለተደረሰበት ከሥራና ከደመወዝ ታግደዋል" ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ማጣራቱ ሳይጀመር አልቋል። ነገ ኮሚቴው "ሰውየው ጥፋት የለባቸውም" ቢል፣ በድርጅቱ ማኅተም የወጣው ደብዳቤ ተቃራኒውን ይመሰክራል። ስለዚህ አዲስ ጻፍኩ። ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

"ለአቶ …፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ማጣራት እስኪጠናቀቅ ከሥራ ገበታ ስለመቆየት። በንብረት ክፍሉ በተደረገ ቆጠራ በባለ 12 ፌሮ በመዝገብና በቆጠራ መካከል የ86 ቤርጋ ልዩነት ታይቷል። የልዩነቱ ምክንያት እስኪጣራ ድረስ ለ15 የሥራ ቀናት ከሥራ ገበታዎ እንዲቆዩ ተወስኗል። በዚህ ጊዜ ደመወዝዎና ጥቅማ ጥቅሞችዎ ሳይቋረጡ ይከፈልዎታል። ይህ ደብዳቤ ጥፋተኛ ነዎት የሚል ውሳኔ አይደለም፤ የዲሲፕሊን ቅጣትም አይደለም። ጊዜው እስኪያበቃ ሌላ ደብዳቤ ካልደረሰዎት በማግሥቱ ጠዋት ሥራዎ ላይ ይገኙ።"

"ልዩነት ታይቷል" እንጂ "አጉድለዋል" አላልኩም። የምናውቀው ሁለቱ ቁጥሮች አለመግጠማቸውን ብቻ ነው። ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን የሚመልሰው ማጣራቱ ነው።

ደመወዙ ላይ ፋይናንስ ክፍሉ ጠየቀኝ። "የታገደ ሰው ይከፈለዋል እንዴ?" ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ደመወዙ ተይዞ ቆይቶ፣ ሰውየው ነፃ ከወጣ የሚከፈልበት አካሄድ ነው። የእኛ ድርጅት ግን የግል ነው፤ የሚገዛን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ካልሠራ ደመወዝ ይገባዋል ይላል። ጋሼ "እሠራለሁ" እያሉ "ይቆዩ" ያልናቸው እኛው ነን። ገና ያልተረጋገጠ ነገር ላይ የሰው የቤት ኪራይ መያዝ ደግሞ በእኔ እምነት ቅጣት ነው።

ደብዳቤው ላይ "ይከፈላል" ብሎ መጻፉ ብቻ ግን አይበቃም። ደመወዝ የሚሠራው በፊርማ መዝገብ ነው። የታገደ ሰው አይፈርምም፤ ስለዚህ "ቀሪ" ተብሎ ይመዘገብና በወሩ መጨረሻ ይቆረጣል። ለፋይናንስ የተለየ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ በሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጠሩ፣ የትራንስፖርት አበሉም አይነካ፣ የጡረታ መዋጮው የእሳቸው 7 በመቶ የድርጅቱም 11 በመቶ እንደወትሮው ገቢ ይሁን። ማስታወሻው ላይ ምክንያቱን አልጠቀስኩም።

ግልባጭ ላይም እንዲሁ ተጠነቀቅኩ። በእኛ አገር ደብዳቤ ግርጌ "ግልባጭ" ብሎ አምስት ስድስት ክፍል መደርደር የተለመደ ነው። የእግድ ደብዳቤ በዚያ መንገድ ከወጣ እስከ ምሳ ሰዓት ድርጅቱ በሙሉ ያነበዋል። ሙሉው ደብዳቤ የደረሰው ለራሳቸው፣ ለግል ማኅደራቸውና ለአጣሪ ኮሚቴው ብቻ ነው። ጥበቃ ክፍሉ ማወቅ ያለበት መጋዘኑ ለማን እንደሚከፈት ነው፤ ያንን በአንድ መስመር ነገርኩት። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ምንም አልተለጠፈም።

ከመስጠቴ በፊት የኅብረት ስምምነታችንን አየሁ። ከሥራ ከማሰናበት በፊት በምን ምክንያት ማገድ እንደሚቻል በኅብረት ስምምነት ሊወሰን እንደሚችል የአዋጁ አንቀጽ 27 ይናገራል፤ ለእግዱም የጊዜ ጣሪያ አለው። ሌላም ሰዓት ይቆጥራል። አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችልበትን ምክንያት ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀራል። 15 ቀን ያልኩት ለዚህ ነው። ማጣራቱ ቢጓተት እንኳ በምክንያት፣ በጽሑፍ ለማራዘም ቦታ ይኖራል። ቀኑ ያልተጻፈበት እግድ ግን ሰውን ቤቱ አስቀምጦ የሚረሳ ነው። እንዲህ ወራት የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ።

ደብዳቤውን በሩ ተዘግቶ ራሴ ሰጠኋቸው። ዝም ብለው አነበቡ። ከዚያ "ልጄ፣ ሌባ ነህ ማለታችሁ ነው?" አሉኝ። "አይደለም ጋሼ፤ ይኸው ተጽፏል" ብዬ መስመሩን አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡትና ፈረሙ። ያ መስመር ሰብዓዊነት ብቻ አይደለም። ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው የሚያሳዩት እሱን ነው።

የዚያኑ ዕለት ርክክብ ተደረገ። ይህ ከቀረ ማጣራቱ ሁሉ ገደል ገባ። ቁልፉን ብቻ ተቀብለን ብንሸኛቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚጎድለው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እሳቸው ባሉበት ፌሮው እንደገና ተቆጠረ፤ 554 መሆኑን ተፈራረምን። በሩ በሁለት ሰው ፊርማ ታሸገ። የቢን ካርዱንና የዕቃ ማውጫዎቹን ኮፒ ለእሳቸውም ሰጠን። ሰነዱ በእጁ ያልሆነ ሰው ምን ብሎ መልስ ይሰጣል?

መፍትሔውም የመጣው ከዚያ ኮፒ ነው። ጋሼ በጽሑፍ መልሳቸው ሁለት የዕቃ ማውጫ ቁጥሮች ጠቀሱ። አንዱ 40፣ ሌላው 30 ቤርጋ ወደ ሳይት የወጣባቸው ናቸው። ሁለቱም ሳይት ላይ ተፈርሞባቸዋል፤ ግን ቢን ካርዱ ላይ አልተቀነሱም። 70ው በዚህ ተዘጋ። የቀረው 16 ቤርጋ ወዴት እንደሄደ ኮሚቴው ማረጋገጥ አልቻለም። በግምት ማንም ላይ አልጣለውም፤ "ያልታወቀ" ብሎ መዘገበው። ቢን ካርድ በወቅቱ ስላልተሠራ ጋሼ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ተሰጣቸው። ይህ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የእሳቸው ድርሻ ያ ብቻ ነውና።

ጊዜው ሳያበቃ የመመለሻ ደብዳቤ ጻፍኩ። እግዱ መነሳቱን፣ በማጣራቱ ንብረት የማጉደል ጥፋት እንዳልተገኘባቸው፣ የቆዩበት ጊዜ በአገልግሎት ዘመናቸው እንደሚቆጠር ይገልጻል። ለጥበቃና ለፋይናንስም አሳወቅኩ፤ መቆየታቸውን የሰማ መመለሳቸውንም መስማት አለበት። ማኅደራቸው ውስጥ ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ በስቴፕለር አያይዣቸዋለሁ። ነገ ለደረጃ ዕድገት ፋይሉን የሚከፍት ሰው አንዱን ብቻ ነጥሎ እንዳያነብ።