ዐሥሩን ሰፊሮት በ49 ምሽት እንዴት ለየኋቸው

መጀመሪያ የሞከርኩት የዐሥሩን ሰፊሮት ስም መሸምደድ ነበር፤ በካባላ፣ በአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ አምላክ የሚገለጥባቸው ዐሥር መንገዶች ናቸው። ኬተር፣ ሖኽማ፣ ቢና፣ ሔሴድ፣ ግቩራ፣ ቲፌሬት፣ ኔጻሕ፣ ሆድ፣ የሶድ፣ ማልኹት። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ እንደ ሀሁ እደግመዋለሁ። በሳምንቱ ስሞቹን ሳልሳሳት እወርዳቸው ጀመር። አንድ ጓደኛዬ ግን «ግቩራና ኔጻሕ ልዩነታቸው ምንድነው?» ሲለኝ ዝም አልኩ። «ሁለቱም ኃይል ናቸው» ብዬ አመለጥኩ። አላመለጥኩም፤ ሳቀብኝ።

የምኖረው እስራኤል ነው። የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። በቤታችን ካባላ የሚባል ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ቄሶቻችን ያስተማሩን ኦሪትን ነው። ካባላ ያደገው ሌላ ቦታ ነው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከዚያ በ13ኛው መጨረሻ ዋናው የካባላ መጽሐፍ ዞሃር የወጣበት ስፔን፣ ከዚያ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገሊላ ያለችው ጽፋት። ስለዚህ እኔ ከዜሮ ነው የጀመርኩት። የሰፈራችን ምኩራብ ውስጥ የማታ ትምህርት ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መምህሩ በመጀመሪያው ምሽት አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩን። አምላክ በራሱ «ኤን ሶፍ» ይባላል፤ መጨረሻ የሌለው ማለት ነው። ስለ እርሱ ምንም መናገር አይቻልም። ዐሥሩ ሰፊሮት የሚገልጹት እርሱ ወደ ዓለም የሚገለጥባቸውን መንገዶች ነው። ዐሥር አማልክት አይደሉም። የጽፋቱ ራቢ ሞሼ ኮርዶቬሮ ይህን በውሃ መስለውታል። ውሃን በቀይ፣ በነጭ፣ በአረንጓዴ ብርጭቆ ብትቀዳው ቀለሙ የተለያየ ይመስላል። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ይህን ምሳሌ ያልያዘ ሰው ዛፉን፣ ዐሥሩን በመስመር የሚያገናኘውን ሥዕል፣ እንደ ባለሥልጣናት ዝርዝር ያነበዋል። እኔም እንደዚያ ነበር ሳነበው የከረምኩት፤ ላይ ያለው አለቃ፣ ታች ያለው ተላላኪ።

የመጀመሪያው ቁልፍ የተገኘው እቤቴ ነው። መምህሩ የታችኞቹ ሰባት ስሞች ከ1ኛ ዜና መዋዕል 29፥11 ነው የሚመጡት አሉን፤ ከዳዊት ጸሎት። ማታ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ታላቅነት፣ ኃይል፣ ክብር፣ ድል፣ ግርማ፣ ሁሉ፣ መንግሥት። አንድ በአንድ ገጠሙ። ታላቅነት የሔሴድ ሌላ ስሙ ነው። ኃይል ግቩራ ነው። ክብር ቲፌሬት፣ ድል ኔጻሕ፣ ግርማ ሆድ። «ሁሉ» የሚለው ደግሞ የሶድ ነው፤ ከላይ የመጣው ሁሉ የሚሰበሰብበት። መንግሥት ማልኹት። በዕብራይስጡ «ሁሉ» ከግርማ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አማርኛው ላይ ቦታው ቢለወጥ አትደናገጡ።

«ሆድ» የሚለው ስም ግን አክስቴን አስቆ ሊገድላት ነበር። «ዛፉ ሆድ አለው እንዴ?» አለች። በዕብራይስጥ ግርማ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ። አልሰማችኝም።

ስሞቹን አገኘሁ። ትርጉማቸውን የለየሁት ግን በቆጠራ ነው። ከፋሲካ ሁለተኛ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሻቩኦት፣ እስከ ሳምንታት በዓል፣ 49 ቀን ይቆጠራል፤ ኦሜር ይባላል። ካባሊስቶቹ እያንዳንዱን ሳምንት ለአንድ ሰፊራ ሰጡት፤ ከሔሴድ እስከ ማልኹት ሰባት ሳምንት። በየሳምንቱ ውስጥ ያሉት ሰባት ቀናትም እንደገና ከሔሴድ እስከ ማልኹት ይሄዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሽት የሁለት ሰፊሮት ጥምር ነው። አንድ ደብተር ገዛሁ። በየምሽቱ ዐሥር ደቂቃ፣ ሦስት መስመር ብቻ ልጽፍ ወሰንኩ።

አሠራሩን በ24ኛው ቀን ላሳያችሁ። ሦስት ሙሉ ሳምንት 21 ቀን ነው። ስለዚህ 24ኛው በአራተኛው ሳምንት ሦስተኛው ቀን ነው። አራተኛው ሳምንት ኔጻሕ ነው። ሦስተኛው ቀን ቲፌሬት ነው። ስለዚህ ምሽቱ «ቲፌሬት በኔጻሕ ውስጥ» ይባላል። ቀኑ ይቀድማል፣ ሳምንቱ ይከተላል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ያወቅሁት በስምንተኛው ቀን ገጽ ነው። «ግቩራ በሔሴድ ውስጥ» ይላል። እሱ እኮ የሁለተኛው ቀን ነው! ማጣሪያው ቀላል ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ስም በየቀኑ ከተቀየረ ገልብጣችኋል።

አንድ ምሽት ደግሞ ጭራሽ ረሳሁ፤ 12ኛውን። ማታውንም በማግስቱ ቀኑንም ሳይቆጥር ያለፈ ሰው ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ቡራኬውን ግን አይልም። ተናድጄ ነበር። መምህሩ የረሳሁትን ቀን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ 12ኛው «ሆድ በግቩራ ውስጥ» ነው። ሆድ ግርማ ብቻ አይደለም፤ በዕብራይስጥ ከማመንና ከማመስገን ቃል ጋር ይያያዛል፤ ጥፋትን ማመንም እዚያ ውስጥ አለ። ግቩራ ደግሞ ሕግና ወሰን ነው። «በል እመንና ቀጥል» አሉኝ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ እሱ ነውና። ግቩራን «ኃይል» ብቻ ብላችሁ ከያዛችሁት ዛፉ ይበላሻል። ሌላው ስሙ ዲን ነው፤ ፍርድ። እኛ ዳኛ የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር ነው። ግቩራ የሚገፋ ጉልበት አይደለም፤ የሚይዝ፣ የሚወስን፣ «እስከዚህ ድረስ» የሚል ነው። ሔሴድ ደግሞ ያለ ልክ የሚሰጥ ቸርነት ነው። አባቶቹም በዚሁ ተመድበዋል፤ ሔሴድ አብርሃም ነው፣ ድንኳኑን ለእንግዳ የከፈተው። ግቩራ ይስሐቅ ነው፣ መሠዊያው ላይ የታሰረው።

ለእኔ የገባኝ በዝናብ ነው። በሚሽና፣ በጥንቱ የራቢዎች ሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ ዝናብን በጸሎት ማንሳት «ግቩሮት ግሻሚም» ይባላል፤ የዝናብ ግቩራዎች። ለምን ግቩራ? ውሃ መስጠት እኮ ሔሴድ ነው። ግን ያ ውሃ ሁሉ ባንዴ ቢወርድ ጎርፍ ነው። በጠብታ በጠብታ ተከፍሎ ሲወርድ ነው እህል የሚያበቅለው። የሚከፍለው ግቩራ ነው። ክረምት ላይ ማሳው በጎርፍ የታጠበበት ገበሬ ይህን ያለ ካባላ ያውቀዋል። የሁለቱ ሚዛን ቲፌሬት ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠው፣ የያዕቆብ። ሌላው ስሙ ራሐሚም ነው፤ ምሕረት። ምሕረት ፍርድን አይሰርዝም፤ ከቸርነት ጋር ያስታርቀዋል።

ኔጻሕ ግን ከፍርድ ጋር ጉዳይ የለውም። በዕብራይስጥ ድልም ዘላለምም ማለት ነው። ሳይታክቱ ወደፊት መሄድ። ሙሴ ነው። ሆድ ደግሞ አሮን ነው። ካባሊስቶቹ ሁለቱን እንደ ሁለት እግር ያዩአቸዋል። ለጓደኛዬ መልሱ ይኸው ነው፤ ግቩራ ያቆማል፣ ኔጻሕ ይቀጥላል። የሶድ ዮሴፍ ነው፤ ከላይ የወረደውን ሰብስቦ ወደ ማልኹት የሚያሳልፍ ቦይ።

ላይኞቹ ሦስቱ በኦሜር አይቆጠሩም። ኬተር፣ ዘውዱ፣ ለኤን ሶፍ ከመቅረቡ የተነሳ ስለ እሱ ብዙም አይወራም። ሖኽማ ድንገት ብልጭ የሚል ሐሳብ ነው፤ ነጥብ ይሉታል። ቢና ያንን ነጥብ ተቀብላ ዘርዝራ የምትለይ ናት። እኛ «በየነ»፣ «ብያኔ» የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁለቱን ደባልቄ አላውቅም። አንዳንድ ሥዕል ላይ ደግሞ ዳዓት የሚባል ይጨመራል፤ ዕውቀት። ዐሥራ አንድ ሆኑ ብዬ ግራ ገባኝ። ሴፈር የጺራ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ግን ዐሥር እንጂ ዘጠኝ አይደሉም፣ ዐሥር እንጂ ዐሥራ አንድ አይደሉም ይላል። ዳዓትን የሚቆጥሩ ኬተርን አይቆጥሩም። ሁለቱን ባንድ ላይ አትቁጠሩ።

ብዙ ወረቀት ያበላሸብኝ ግን ሥዕሉ ራሱ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ዛፍና መምህሩ የሳሉት አይመሳሰሉም። ሁለቱም ዐሥር ክብና 22 መስመር አላቸው፤ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ቁጥር። ልዩነቱ የሚታየው ታች ነው። ማልኹትን የሚነኩትን መስመሮች ቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከየሶድ የሚወርደው፣ ሥዕሉ የጽፋቱን የራቢ ይስሐቅ ሉሪያን መንገድ የሚከተል ነው። ሦስት ከሆኑ፣ ከኔጻሕና ከሆድም የሚመጡ ካሉ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያኑ ካህን አታናሲየስ ኪርኸር ያሳተመውና በኋላ የአውሮፓ ምሥጢር ፈላጊዎች የወሰዱት ዓይነት ነው። በዚህኛው ላይ ከሖኽማ ወደ ግቩራ፣ ከቢና ወደ ሔሴድ የሚሻገሩት መስመሮች የሉም። እኔ የአንዱን ማብራሪያ እያነበብኩ የሌላውን ሥዕል ነበር የማየው። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ።

በ33ኛው ምሽት የሰፈሩ ልጆች እሳት አነደዱ፤ የኦሜር 33ኛ ቀን በዓል፣ ላግ ባኦሜር ነው። ደብተሬ ላይ «ሆድ በሆድ ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ በትከሻዬ አይታ «አልበላህም እንዴ?» አለችኝ።

በመጨረሻው ምሽት፣ በ49ኛው፣ የጻፍኩት «ማልኹት በማልኹት ውስጥ» ነው። ማልኹት እንደ ጨረቃ ናት ይላሉ፤ ከራሷ ብርሃን የላትም፣ የምታበራው የተቀበለችውን ነው። ዳዊት ናት፤ ሸኺና የሚሏት፣ ከሰው ጋር የምታድረው የአምላክ ህልውናም እሷው ናት። ለአክስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ማል... ምን አልከው?» «ማልኹት።» ትንሽ አሰበች። «መለኮት ነው የምትለኝ?» አለች። ቃሉ ያው ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። «ታዲያ መለኮትን ምን ብለህ ነው ከታች የሳልከው?» አለችኝ።

ደብተሩን አዞርኩላት። ከማልኹት ወደ ላይ ጣቴን ሰድጄ መስመሩን አሳየኋት። «መነጽሬን አምጣልኝ» አለች።