ከግድግዳ ላይ ፎቶ ካነሣሁት ሂስቶግራም አማካዩን ያወጣሁበት መንገድ

በአንድ የስታቲስቲክስ ሥልጠና ላይ ሳለሁ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ሂስቶግራሞች ነበሩ። ሁለቱም የሚያሳዩት በአሜሪካ ዬሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ኦልድ ፌይዝፉል የተባለ ፍል ውሃ አንዴ ከፈነዳ በኋላ ዳግመኛ እስኪፈነዳ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ሲሆን፣ ከሥራቸው «272 ምልከታዎች» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። አንደኛው 12 ጠባብ ዓምዶች ነበሩት፤ ቅርጹም በመካከሉ ሸለቆ ያለበት ባለ ሁለት ጉብታ ነበር። ሁለተኛው ሦስት ሰፋፊ ዓምዶች ብቻ ሲኖሩት መሃለኛው ከግራና ከቀኙ ከፍ ብሎ አንድ ጉብታ ሠርቷል። አብሮኝ የሚሠለጥን ባልደረባዬ «እነዚህ የአንድ መረጃ ሥዕሎች ሊሆኑ አይችሉም» አለኝ። መረጃው በእጃችን ስላልነበረ ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አነሣሁና፣ ማታ ቤቴ ገብቼ አማካያቸውን ከሥዕሉ ላይ ለማውጣት ተቀመጥኩ።

የጀመርኩት ከባለ 12 ዓምዱ ነው። ዓምዶቹ ከ40 እስከ 100 ደቂቃ ድረስ የተዘረጉ ስለሆኑ የእያንዳንዱ ምድብ ስፋት 5 ደቂቃ ይሆናል። ፎቶውን በኮምፒውተር ከፍቼ የእያንዳንዱን ዓምድ ቁመት በፒክስል ለካሁ፤ ከዚያም በግራ በኩል ካለው ቋሚ መስመር ላይ በ10 እና በ50 መካከል ያለውን ርቀት ለክቼ አንድ ምልከታ ስንት ፒክስል እንደሚይዝ አሰላሁ። ቁመቶቹን ወደ ቁጥር ቀይሬ ስደምራቸው ግን ድምሩ 272 በመሆን ፈንታ ወደ 298 ተጠጋ። በወረቀቱ ላይ የምልከታው ብዛት ባይጻፍ ኖሮ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አላየውም ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ፎቶውን አጉልቼ የዓምዶቹን ግርጌ ስመለከት ነው። ሥዕሉ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም አግድሙን መስመር የሚያሰምረው ከዓምዶቹ ግርጌ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ነው። እኔ የለካሁት ከመስመሩ ጀምሬ ስለነበር እያንዳንዱ ዓምድ ሁለት ያህል ምልከታ ያለ አግባብ ተጨምሮለት ነበር። በዚህ ሥዕል አማካዩ ከአግድሙ መሃል ብዙም ስለማይርቅ ጭማሪው ውጤቱን እምብዛም አላዛባውም፤ ጉብታው ወደ አንድ ጥግ ባጋደለ ሥዕል ላይ ቢሆን ግን አማካዩን ወደ መሃል ይጎትተው ነበር።

ሌላው ችግር ፎቶው ከግራ በኩል በሰያፍ የተነሣ መሆኑ ነበር። የወረቀቱ የግራ ጠርዝ ከቀኙ በአሥር ከመቶ ያህል ረዝሞ ስለሚታይ፣ የግራ ዓምዶች ከእውነተኛው ቁመታቸው በልጠው ይታያሉ። ወረቀቱ አራት ማዕዘን መሆኑ ስለሚታወቅ፣ በእያንዳንዱ ዓምድ ቦታ ላይ ከወረቀቱ የላይ ጠርዝ እስከ ታች ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክቼ የዓምዱን ቁመት ለዚያ አካፈልኩ። እርማቱ አማካዩን ወደ ቀኝ የገፋው በሩብ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የአግድሙን ቦታ በፒክስል መለካት አላስፈለገኝም፤ የምድቦቹ ወሰን በቁጥር ስለተጻፈ የፎቶው ማጋደል እዚያ ላይ ጉዳት የለውም።

ከእርማት በኋላ ያገኘሁት ድግግሞሽ ከግራ ወደ ቀኝ 4፣ 22፣ 33፣ 24፣ 14፣ 10፣ 27፣ 54፣ 55፣ 23፣ 5 እና 1 ነው፤ ድምሩም 272 ሆነ። እያንዳንዱን በምድቡ አጋማሽ ማለትም በ42.5፣ በ47.5 እያልኩ እስከ 97.5 አባዝቼ ስደምር 19130 መጣ፤ ይህ ለ272 ሲካፈል 70.33 ደቂቃ ይሆናል።

መረጃው ከአር ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ በማግስቱ እንዲህ ብዬ አመሳከርኩት፦

```r
h <- hist(faithful$waiting)
sum(h$mids * h$counts) / sum(h$counts)
mean(faithful$waiting)
```

ከሥዕሉ የሚወጣው በትክክል 70.33 ሆኖ ሳለ እውነተኛው አማካይ 70.90 ነበር። ልዩነቱ ከግማሽ ደቂቃ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ከፎቶው ስሕተት እንዳልመጣም ግልጽ ነበር፣ ምክንያቱም ድግግሞሾቼ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ በአንድ ገጥመዋል። ቆይታው የተመዘገበው በሙሉ ደቂቃ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ልክ ወሰኑ ላይ ያረፈውን ቁጥር ወደ ግራው ምድብ ያስገባዋል። ስለዚህ «ከ40 እስከ 45» የሚባለው ምድብ የሚይዘው 41፣ 42፣ 43፣ 44 እና 45ን ነው፤ የእነዚህ አጋማሽ ደግሞ 43 እንጂ 42.5 አይደለም። በሁሉም ምድብ ላይ ግማሽ ደቂቃ ሲጨመር አማካዩ 70.83 ይሆናል። ፎቶውን ለማቃናት ከደከምኩት ይልቅ ይህን የወሰን ጉዳይ አስቀድሜ መጠየቅ የበለጠ ይጠቅመኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ባለ ሦስት ዓምዱ ዞርኩ። የምድቡ ስፋት 20 ደቂቃ ሲሆን ድግግሞሾቹ 83፣ 105 እና 84 ናቸው። በ50፣ በ70 እና በ90 አባዝቼ ያገኘሁት አማካይ 70.07 ነው። ከጠባቡ ሥዕል ድግግሞሾች የመጀመሪያዎቹን አራት ስንደምር 83፣ ቀጣዮቹን አራት 105፣ የመጨረሻዎቹን አራት ደግሞ 84 ይሆናሉ። ለባልደረባዬ ይህን ሳሳየው ራሱ በወረቀት ላይ ደግሞ ደመራቸው፤ ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ መረጃ መሆናቸውንም አመነ።

እኔን ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ቅርጹ ፈጽሞ ተለውጦ ሳለ አማካዩ እንዴት እንዲህ ተቀራረበ? እያንዳንዱን ሰፊ ምድብ በጠባቦቹ ስፈትሸው፣ በመጀመሪያው ውስጥ ያሉት ቆይታዎች አማካይ ከ50 በሁለት ደቂቃ ያህል፣ በሁለተኛው ያሉት ከ70 በሦስት ደቂቃ ያህል ይበልጣሉ፤ በሦስተኛው ያሉት ግን ከ90 በአምስት ደቂቃ ያህል ያንሳሉ። የግራውና የመሃሉ ስሕተት ከቀኙ ጋር ተጣፍቶ ነው መልሱ የተቃና፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም። ስፋቱን ወደ 30 ደቂቃ አሳድጌ ሁለት ዓምዶች ብቻ ሳስቀር ድግግሞሹ 107 እና 165፣ አማካዩ ደግሞ 73.2 ሆነ። የግራው ምድብ አጋማሽ 55 ከቆይታዎቹ ጋር ገጥሟል፤ በቀኙ ያሉት ግን አብዛኞቹ 80 አካባቢ ተከማችተው ሳለ 85 ተብለው ተቆጠሩ፤ ይህንንም የሚያካክስ ሌላ ስሕተት አልነበረም። ከአጋማሽ የሚሰላ አማካይ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችለው ቢበዛ በምድቡ ስፋት ግማሽ ስለሆነ፣ አሁን ከሥዕል ያወጣሁትን አማካይ ስጽፍ ይህን ወሰን አብሬ እጽፋለሁ፤ ለባለ 5 ደቂቃው 2.5፣ ለባለ 20ው 10 ማለት ነው።

በባለ 20 ደቂቃው ሥዕል አማካዩ ከረጅሙ ዓምድ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ተመልካቹ ፍል ውሃው ብዙውን ጊዜ 70 ደቂቃ አካባቢ የሚያስጠብቅ ይመስለዋል። በባለ 5 ደቂቃው ግን ከ65 እስከ 70 ባለው ምድብ የተቆጠሩት 10 ብቻ ናቸው፤ ከ80 እስከ 85 ባለው ደግሞ 55። ሁለቱ ጉብታዎች የመጡት ፍል ውሃው ለአጭር ጊዜ ከፈነዳ በአጭር ቆይታ፣ ለረጅም ጊዜ ከፈነዳ ደግሞ በረጅም ቆይታ ስለሚመለስ ነው። እዚያ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የሚጠቅመው 70.9 የሚለው ቁጥር ሳይሆን የመጨረሻው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ማወቅ ነው፤ ባለ ሦስት ዓምዱ ሥዕል ደግሞ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ምንም ምልክት አይሰጠውም።